ዲ-ዳይመር ከፍ ካለ ደም ረግቷል ማለት ነው?

«አባቴ 68 ዓመታቸው ነው። የጉልበት ቀዶ ሕክምና ካደረጉ 2 ሳምንት ሆናቸው። የዚያው እግር ባት አብጧል፣ ሲነካም ያማቸዋል። ዲ-ዳይመር ከፍ ብሏል። ደም ረግቷል ማለት ነው?»

ከቁጥሩ ብቻ አይታወቅም። ዲ-ዳይመር የረጋ ደም ሲሟሟ የሚቀር የፕሮቲን ስብርባሪ ነው። የቀዶ ሕክምና ቁስል ሲድንም ደም ይረጋል፣ ይሟሟል። ስለዚህ በዚህ ጊዜ ከፍ ማለቱ አይገርምም።

እኔን ያሳሰበኝ እግራቸው ነው። ደም ሥር ውስጥ ደም የሚያረጉ ምክንያቶች ሦስት ናቸው። ደሙ ሲዘገም፣ የደም ሥሩ ግድግዳ ሲጎዳ፣ ደሙ ራሱ ለመርጋት ሲያዘነብል። አባትዎ ዘንድ ሦስቱም ተገናኝተዋል። ብዙ ተኝተዋል፣ ጉልበታቸው ተነክቷል፣ ከቀዶ ሕክምና በኋላ ደግሞ ደም በቀላሉ ይረጋል።

ሐኪም መጀመሪያ የሚያሰላው የዌልስ ነጥብን ነው፤ እግር ውስጥ ደም የመርጋቱን ዕድል የሚገምት ድምር ነው። በቅርቡ የተደረገ ከባድ ቀዶ ሕክምና 1 ነጥብ አለው። በጥልቁ ደም ሥር መስመር ላይ ሲነካ የሚያም ከሆነ ሌላ 1። ባቱ ከሌላኛው ከ3 ሴንቲ ሜትር በላይ ከወፈረ ደግሞ 1። ለእብጠቱ ሌላ አሳማኝ ምክንያት ካለ 2 ይቀነሳል። ድምሩ 2 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ወደ እግር አልትራሳውንድ ነው የሚኬደው። ዲ-ዳይመር ነጻ ቢወጣ እንኳ ምርመራውን አያስቀርም።

ዲ-ዳይመር በደንብ የሚጠቅመው ነጥቡ ዝቅ ሲል ነው። ያኔ ውጤቱ ነጻ ከሆነ አልትራሳውንድ አያስፈልግም። ከ50 ዓመት በላይ ላሉ ሰዎች ብዙ ሐኪሞች ዲ-ዳይመር ከፍ ብሏል የሚባልበትን ወሰን በዕድሜ ልክ ከፍ ያደርጉታል።

አልትራሳውንዱ ዛሬውኑ ይሠራላቸው። ትንፋሽ ካጠራቸው ወይም ደረታቸውን ከወጋቸው ግን ቀጥታ ድንገተኛ ክፍል ይውሰዷቸው፤ የረጋው ደም ሳንባ ገብቶ ሊሆን ይችላል።