«ያሳጥሩልኝ»

ልጆቼ፣ በቅርቡ ደብረ ማርቆስ ያለ አንድ ወጣት የአፈር ባለሙያ በቴሌግራም ፋይል ላከልኝ። 38 ስላይድ ነው። ከሥሩ ያለው አንድ ቃል ብቻ፦ «ያሳጥሩልኝ»።

ፋይሉን ሳልከፍት ደወልኩለት። ማን ነው የሚሰማህ? ስንት ደቂቃ ሰጡህ? ስትጨርስ ምን እንዲወስኑልህ ነው? «የወረዳው ካቢኔ ነው ጋሼ። 20 ደቂቃ ሰጥተውኛል። ለአሲዳማው አፈር ኖራ ማጓጓዣ በጀት እንዲፈቅዱ ነው» አለኝ። ቁጥሩ የወጣው ከዚሁ መልስ ነው። 5 ደቂቃ ለጥያቄ ተውን፤ 15 ቀረ። ግራፍ ያለበት ስላይድ እስኪገባ ድረስ 2 ደቂቃ ግድም ይወስዳል። እንግዲህ 7 ስላይድ።

ከዚያ በእያንዳንዱ ላይ አንድ ጥያቄ አነሳን፦ ይህ ቢወጣ ካቢኔው መወሰን ያቅተዋል? ስለ አሲዳማነት ምንነት ብቻ 9 ስላይድ ነበር። የጎጃም ሰው ግን የስንዴውን መቀጨጭ በዓይኑ ያየው ነው። «ፒኤች ከ5.5 ሲወርድ አሉሚኒየም ሥሩን ይጎዳል» የሚለው አንዱ በቃ። የአንድ ማሳ 5 ፎቶም ወደ 1 ወረደ።

የተከራከርነው 31ኛው ላይ ነው። ኖራው በመጀመሪያው ዓመት ሙሉ ውጤቱን ላያሳይ እንደሚችል ይናገራል። ልጁ «ጥያቄያችንን ያዳክመዋል፣ ይውጣ» አለ። እኔ እምቢ አልኩ። በወጣትነቴ እንዲህ ያለውን ስላይድ አውጥቼ አውቃለሁ። በጀቱ ተፈቀደ፤ በዓመቱ ገበሬው «የታለ ያላችሁት ምርት?» ሲለኝ መልስ አጣሁ። ያ ፊት እስከ ዛሬ አልጠፋኝም።

በማግስቱ 7 ስላይድ ላከልኝ። ስከፍተው አራቱ ላይ ሦስት ሦስት ስላይድ ተጠቅጥቋል፤ የፊደሉ መጠን 11 ሆኗል። ቁጥሩ አነሰ እንጂ ንባቡ አልቀነሰም። ከአዳራሹ መጨረሻ ወንበር ሆኖ የማይነበብ ስላይድ አላጠረም። እንደገና ሠራነው።

የወጣውን አታጥፉት። በፋይሉ ቅጂ ላይ በፓወርፖይንት Hide Slide በሉት። ጥያቄ ሲመጣ የስላይዱን ቁጥር ጽፋችሁ Enter ስትጫኑ ይከፈታል። ፒዲኤፍ አድርጋችሁ ስትልኩ ግን የተደበቀውም አብሮ ሊወጣ ስለሚችል አስቀድማችሁ እዩት።

በመጨረሻ የቀረውን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ጮክ ብላችሁ አንብቡ። እኛ ስናነብ ግራፉ ላይ T1፣ T2፣ T3 የሚል አገኘን። ትርጉሙ ያለው 9ኛው ስላይድ ላይ ነው፤ እሱን ደግሞ አውጥተነዋል። ፊደሎቹን አጠፋንና ዘንጎቹ ላይ «ያለ ኖራ»፣ «ኖራ ብቻ»፣ «ኖራና ማዳበሪያ» ብለን ጻፍን።