ንረትን ማውረድ ስንት ሥራ ይበላል? ለወሎ የኢኮኖሚክስ ተማሪዎች

ልጆቼ፣ የፊሊፕስን ኩርባ ስትስሉ አያለሁ። የዋጋ ንረት ሲወጣ ሥራ አጥነት ይወርዳል ትላላችሁ፤ እዚያው ትቆማላችሁ። ቁም ነገሩ ያለው ግን ከዚያ በኋላ ነው።

ኮምቦልቻ ውስጥ ያለ አንድ የእንጨት ሥራ ቤት አስቡ። ደመወዝ ሲዋዋሉ ባለቤቱም አናጢውም ዋጋ 10 በመቶ ይጨምራል ብለው ነበር። 15 ሆነ። ቁም ሳጥኑ በውድ ይሸጣል፤ ደመወዙ ባለበት ነው። ባለቤቱ አተረፈና ሰው ጨመረ። በዓመቱ አናጢው «ጋሼ፣ አምና ተበልቻለሁ፤ ዘንድሮ 15 ይጨመርልኝ» አለ። ተጨመረለት። ትርፉ ወደ ቦታው ተመለሰ፤ አዲሱ ቅጥርም ቀረ። ንረቱ ግን 15 ላይ ተቀመጠ። ፍሪድማንና ፌልፕስ በ1960ዎቹ መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) ያሉት ይህንኑ ነው። በቀመር ሲጻፍ፦

π = πe − b(u − un)

π የዋጋ ንረት፣ πe ሰው የሚጠብቀው ንረት፣ u ሥራ አጥነት፣ un ደግሞ ተፈጥሯዊ መጠኑ፣ ማለትም ንረት ከሚጠበቀው ሳይወጣም ሳይወርድም የሚቆይበት ነው። b ሥራ አጥነት ከ un በአንድ ነጥብ ሲርቅ ንረት ስንት ነጥብ እንደሚነቃነቅ ይለካል። ሰው አምና ያየውን ዘንድሮም የሚጠብቅ ከሆነ፣ ንረት የሚወርደው u ከ un በላይ ሲቆይ ብቻ ነው። ዋጋው ይኸው ነው።

አሜሪካን እንውሰድ። ፖል ቮልከር ማዕከላዊ ባንኩን በሚመራበት ዘመን ባንኩ ገንዘብ አጠበቀ፤ ወለድ ሰማይ ነካ። የዋጋ ንረት በ1981 ከነበረበት 10.3 በመቶ በ1985 ወደ 3.6 ወረደ፤ 6.7 ነጥብ ማለት ነው። ሥራ አጥነት ከ1982 እስከ 1985 በየዓመቱ 9.7፣ 9.6፣ 7.5 እና 7.2 በመቶ ነበር። ተፈጥሯዊውን 6 ብንል ከዚያ በላይ ያለው 3.7፣ 3.6፣ 1.5 እና 1.2 ይሆናል። ድምሩ 10። 10ን ለ6.7 ስታካፍሉ 1.5 ይመጣል። እያንዳንዱ የንረት ነጥብ የአንድ ዓመት 1.5 ነጥብ ሥራ አጥነት በላ ማለት ነው። በኦኩን ሕግ አንድ ነጥብ ሥራ አጥነት 2 በመቶ ያህል ምርት ያሳጣል ካልን፣ የመሥዋዕትነት ምጣኔው፣ ማለትም ንረትን በአንድ ነጥብ ለማውረድ ከአንድ ዓመት ምርት ስንት በመቶ እንደሚታጣ የሚለካው፣ ወደ 3 ይጠጋል።

አሁን 6ን በ6.5 ተኩና ደግማችሁ አስሉ። ድምሩ 8 ይሆናል፤ 1.5 የነበረውም ወደ 1.2 ይወርዳል። ማንም በዓይኑ ያላየው ቁጥር በግማሽ ነጥብ ሲነቃነቅ መልሱ ይህን ያህል ይዋዥቃል። ስለዚህ un ያልተጻፈበት ምጣኔ ካያችሁ አትመኑት። ደግሞም ሕዝቡ ባንኩ የምሩን እንደሆነ ቶሎ ካመነ πe ቀድሞ ይወርዳል፤ ኪሳራውም ይቀንሳል።

ይህን 3 አንስቶ ደሴ ላይ መለጠፍ ግን አይሆንም። እዚህ ዝናብ ሲቀር እህል ይወደዳል፤ የወለድ ጭማሪ ዝናብ አያመጣም። ሥራ የታጠፈበት አናጢም ቤቱ አይቀመጥም፤ ሸቀጥ እያዞረ ይሸጣል። በመዝገብ ሥራ አለው። ኪሳራውን ፈልጉ ብትባሉ ሥራ አጥነቱ ላይ ሳይሆን ገቢው ላይ ነው የምታገኙት።