10.77 ከየት መጣ? የፔንዱለሙ ፐርሰንት ኤረር

«ጋሼ፣ አዲስ አበባ የ11ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። በፔንዱለም g ለክተን ነበር። ርዝመቱ 1 ሜትር፣ 20 ምልልስ 38.3 ሰከንድ ፈጀ፣ g 10.77 ወጣ። መጽሐፉ 9.81 ይላል። ፐርሰንት ኤረሩን እኔ 9.8 አገኘሁ፣ ጓደኛዬ 8.9 ይላል። ማን ነው ልክ? ሪላቲቭ ኤረርስ ሌላ ነገር ነው? መምህራችን የስህተቱን ምንጭ ጻፉ ብለዋል። ‹የሰው ስህተት› ብንል ያስኬዳል?»

ልክ አንተ ነህ። ልዩነቱ 0.96 ነው። ጓደኛህ እሱን ለ10.77 አካፈለው፣ አንተ ለ9.81። የሚካፈለው ለትክክለኛው ዋጋ ነው። ለራስ ልኬት ካካፈልን፣ ብዙ የሳተ ቡድን ስህተቱ ትንሽ ይመስልለታል። g 20 የወጣለት ቡድን አለ እንበል። ለራሱ 20 ቢያካፍል ስህተቱ 51 ፐርሰንት ነው፣ ለ9.81 ሲያካፍል ግን 104 ፐርሰንት ይሆናል። ሁሉም ለአንድ ቁጥር ሲያካፍል ነው ቡድን ከቡድን የሚነጻጸረው።

ሪላቲቭ ኤረር ሌላ ነገር አይደለም። 0.96 ለ9.81 ሲካፈል 0.098 ይመጣል፣ እሱ ነው ሪላቲቭ ኤረር። በ100 ስታባዛው 9.8 ፐርሰንት፣ አለቀ። አንድ ነገር ግን አደራ፤ ምልክቱን አትጣል። ብዙ መጽሐፍ ልዩነቱን ያለ ምልክት ውሰዱ ይላል፣ ሪፖርቱ ላይ እንደዚያ አድርገው። በራስህ ደብተር ላይ ግን «+9.8» ብለህ ጻፍ። የስህተቱን ምንጭ የምናገኘው በዚያች ፕላስ ነው።

«የሰው ስህተት» አያስኬድም። የትኛው ሰው፣ ምን ሲያደርግ? በትምህርት ቤት ላቦራቶሪ ብዙ ዓመት ሠርቻለሁ፣ ይቺ ቃል ያልተጻፈችበት ሪፖርት ብዙም አላየሁም። ምንም አትነግረንም። ቁጥሩን ራሱን እንጠይቀው።

ቀመሩ ይሄ ነው፦

g = 4π²L / T²

L አንድ ጊዜ ነው ያለችው፣ T ግን በካሬ። ስለዚህ ርዝመቱን 1 ፐርሰንት ብትስት g በ1 ፐርሰንት ይስታል። የምልልሱን ጊዜ 1 ፐርሰንት ብትስት ግን g በ2 ፐርሰንት ገደማ ይስታል። የእናንተ +9.8 ከሁለት አንዱ ነው፤ ወይ ርዝመቱ 10 ፐርሰንት ገደማ በዝቷል፣ ወይ ጊዜው 5 ፐርሰንት ገደማ አንሷል።

ርዝመቱን እንይ። 10 ፐርሰንት እንዲበዛ 91 ሴንቲሜትር የሆነውን ክር 1 ሜትር ብላችሁ ማንበብ ነበረባችሁ። 9 ሴንቲሜትር መዳፍ ያህላል፣ በዓይን ይታያል። የተለመደው የርዝመት ስህተት ደግሞ ወደ ሌላ አቅጣጫ ነው የሚሄደው። ተማሪ ክሩን እስከ ቋጠሮው ብቻ ይለካና የኳሷን ግማሽ ይረሳል። ያኔ L ያንሳል፣ g ያንሳል፣ ምልክቱ ማይነስ ይሆናል። ፔንዱለሙን ከመጠን በላይ ገፍቶ መልቀቅም እንደዚያው ነው። ከ30 ዲግሪ ብትለቀው ምልልሱ 1.7 ፐርሰንት ያህል ይረዝማል፣ g በ3 ፐርሰንት ገደማ ይወርዳል። የእናንተ ፕላስ ስለሆነ ሁለቱም ከተጠርጣሪነት ወጡ።

ጊዜው ቀረ። እዚህ ቆም በል። 1 ሜትር የሆነ ፔንዱለም አዲስ አበባ ላይ አንዴ ሄዶ ለመመለስ 2.01 ሰከንድ ይፈጅበታል። 20 ምልልስ 40.2 ሰከንድ መሆን ነበረበት። እናንተ 38.3 አላችሁ። የጎደለው 1.9 ሰከንድ ነው። የሰው እጅ ስቶፕዎች ሲጫን ይዘገያል፣ ግን 0.2 ሰከንድ አካባቢ ነው እንጂ 1.9 አይደርስም። 1.9 ማለት አንድ ሙሉ ምልልስ ለማለት ምንም አይቀረውም። የጠፋባችሁ እሱ ነው።

እንዴት እንደጠፋ ሲከሰት ስንቴ አይቻለሁ መሰለህ። አንዱ ልጅ ኳሷን ይለቃል፣ ስቶፕዎቹን የያዘው በዚያችው ቅጽበት ይጫንና «አንድ!» ይላል። ኳሷ ሄዳ ስትመለስ «ሁለት» ይላል። ግን ያኔ ያለቀው አንድ ምልልስ ነው። «ሃያ» ሲል 19 ነው ያለቀው። እናንተ የ19ኙን ጊዜ ለ20 አካፈላችሁ፣ T አነሰች፣ g አበጠ።

38.3ን ለ19 አካፍለው። T 2.016 ይሆናል፣ g ደግሞ 9.72። ከ9.81 ጋር ስታስተያየው ስህተቱ ከ9.8 ወደ -0.9 ፐርሰንት ወረደ።

ይህ ግን እስካሁን ግምት ነው፣ በተግባር አረጋግጠው። አቆጣጠራችሁን ሳትቀይሩ አንዴ 10፣ አንዴ 20፣ አንዴ 50 ምልልስ ለኩ። የጎደለው አንድ ምልልስ ከሆነ ስህተቱ በ10 ላይ 23 ፐርሰንት ገደማ ይሆናል፣ በ20 ወደ 11፣ በ50 ወደ 4 ይወርዳል። አንድ ምልልስ ከ10 ላይ ስትጎድል ትልቅ ናት፣ ከ50 ላይ ትንሽ። ስህተቱ በሦስቱም አንድ ዓይነት ሆኖ ከቆየ ግን ቆጠራው ንጹሕ ነው፣ ሜትሩን ይዘህ ወደ ክሩ ተመለስ። ይህን ሙከራ በጣም እወደዋለሁ፤ በሌላ መሣሪያ ሳይሆን በዚያው ክርና በዚያው ሰዓት ነው የሚሠራው።

ስታስተካክሉ ኳሷን ልቀቁና መጀመሪያ ሁለት ሦስቴ ትመላለስ። ከዚያ ታችኛው ነጥብ ላይ፣ ለምሳሌ ወደ ቀኝ ስታልፍ፣ ስቶፕዎቹን ተጭናችሁ «ዜሮ» በሉ። እንደገና ወደ ቀኝ ስታልፍ «አንድ»። ጫፍ ላይ ኳሷ ስለምትዘገይ መቼ እንደዞረች ለዓይን ያስቸግራል፣ ታች ግን ፈጥና ስለምታልፍ ቅጽበቷ ግልጽ ናት።

አሁን የቀረችው 0.9 ፐርሰንት። ከእሷ ግማሽ ያህሉ የእናንተ አይደለም፣ የ9.81 ነው። g በየቦታው አንድ አይደለም። ከምድር ወገብ ስትርቅ ይጨምራል፣ ከፍታ ስትወጣ ይቀንሳል። አዲስ አበባ ለምድር ወገብ ቅርብ ናት፣ ከባሕር ጠለልም ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ናት፤ ስለዚህ g እዚህ 9.77 አካባቢ ነው። 9.72ን ከሱ ጋር ስታስተያየው ስህተቱ 0.5 ፐርሰንት ብቻ ነው። 10 ፐርሰንት ስትሳሳት 9.81 ይሁን 9.77 ለውጥ አያመጣም፣ 1 ፐርሰንት ላይ ስትደርስ ግን ማንን «ትክክለኛ» ብለህ እንደወሰድክ መጻፍ አለብህ።

0.5 ፐርሰንቷን አታሳድዳት። 0.2 ሰከንድ የእጅ መዘግየት ከ38.3 ላይ 0.5 ፐርሰንት ነው፣ በካሬው ምክንያት g ላይ 1 ፐርሰንት ይሆናል። በእናንተ ስቶፕዎች ከዚህ በታች ያለ ልዩነት ስህተት ይሁን አጋጣሚ መለየት አይቻልም።

ሪፖርቱ ላይ የመጀመሪያውን 10.77 አትሰርዘው። ከነ9.8 ፐርሰንቱ ተወው፣ ከሥሩ «ቆጠራው ከዜሮ ሳይሆን ከአንድ ስለተጀመረ 19 ምልልስ እንደ 20 ተቆጥሯል» ብለህ ጻፍ። ከዚያ የ10፣ የ20 እና የ50ውን ውጤት በሠንጠረዥ፣ ቀጥሎም በአዲሱ አቆጣጠር የለካችሁትን g አስቀምጥ።