ገንዘቡ ሄደ ወይስ አልሄደም?

«እናቴ ጡረታ የወጣች መምህርት ናት። ሞባይል ባንኪንግ ላስለምዳት ስል "ገንዘቤን አጠፋዋለሁ" ብላ ስልኩን አትነካም። ከየት ልጀምር?»

እኔም ጡረታ የወጣሁ መምህርት ነኝ። ያስለመደኝ የልጅ ልጄ ነው። ልጆቼማ «አምጪው እስቲ» ብለው ስልኩን ይቀበሉኝና በጥድፊያ ጨርሰው ይመልሱልኛል፤ ምኑን እንደነኩት እንኳ አላይም። እሱ ግን ጎኔ ቁጭ ብሎ እጁን ኪሱ ውስጥ ይከታል። «ምን ይላል እቴቴ? አንብቢልኝ» ይለኛል።

መጀመሪያ ፊደሉን ከስልኩ ሴቲንግ አተለቀልኝ። ከዚያ ለተወሰነ ጊዜ ምንም አልላክንም። ገብቶ ቀሪ ሂሳብ ማየትና መውጣት ብቻ። በማየት ገንዘብ አይጎድልም፤ ፍርሃቴ የለቀቀኝ እዚያ ላይ ነው። ቀስ ብዬ ሳነብ መተግበሪያው ራሱ ይዘጋብኝ ነበር። ያበላሸሁ መስሎኝ ስደነግጥ፣ «ዝም ብለሽ ስትቆዪ ለደኅንነትሽ ሲል ነው የሚዘጋው» አለኝ። ይህን ለእናትሽ አስቀድመሽ ንገሪያት።

የመጀመሪያውን ገንዘብ የላክሁት ለራሱ ነው፤ ትንሽ ብር። የሂሳብ ቁጥሩን ሳስገባ የባለቤቱ ስም ብቅ አለ። ስሙን ጮክ ብዬ ሳላነብ ወደ ፒኑ እንዳላልፍ ከለከለኝ። ፒኑ ጋ ስደርስ ደግሞ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። «ለኔም አታሳዪኝ» አለ። (ደስ አለኝ፤ በፈተና ሰዓት እንዲህ ያለ ተማሪ አግኝቼ አላውቅም።)

ፒኑን ጨርሼ ስነካው ስክሪኑ መሽከርከር ጀመረና ኔትወርኩ ጠፋ። «እንደገና ልላከው?» አልኩት።

«ቆይ፣ ሄዶ ቢሆንስ?»

ነገሩን በእርጋታ አስረዳኝ። ትእዛዙ ባንኩ ጋ ሳይደርስ ቀርቶ ይሆናል። ወይም ደርሶ ገንዘቡ ተልኮ፣ መልሱ ብቻ ወደ ስልኬ ሳይመለስ ቀርቷል። ስክሪኑ ላይ ሁለቱም አንድ ናቸው። ስለዚህ ኔትወርኩ ሲመለስ መጀመሪያ የሚከፈተው የግብይት ዝርዝሩ ነው። ከፈትነው፤ ገንዘቡ ሄዷል፣ የግብይት ቁጥሩም አለ። ብደግመው ኖሮ ሁለት ጊዜ ይሄድ ነበር። «በሂደት ላይ» የሚል ከሆነ ደግሞ መጠበቅ እንጂ መድገም የለም። ከሂሳቤ ተቀንሶ ለተቀባዩ ካልደረሰ፣ ስክሪንሾት አንስቼ የግብይት ቁጥሩን ለባንኩ እሰጣለሁ። አሁን ኔትወርክ ሲጠፋ አልደነግጥም፤ የት እንደምመለከት አውቃለሁ።

«ከባንክ ነው የምንደውለው፣ በመልእክት የደረሰሽን ቁጥር ንገሪን» የሚል ቢመጣ ምንም ሳትመልስ ስልኩን ትዝጋ። ባንክ ያንን ቁጥር በስልክ አይጠይቅም።

እናትሽ አሁንም ከፈራች፣ ጡረታዋ ከሚገባበት ሌላ አካውንት ክፈቱላትና መተግበሪያውን ከዚያኛው ጋር ብቻ አያይዙት። ለወር ወጪ የሚበቃ ብር ብቻ አስገቡበትና እዚያ ላይ ትለማመድ።