ለጓደኛ ብድር ዋስ የሆኑ ሰዎች ጥያቄና መልስ

ጠያቂ፣ የሂሳብ ሠራተኛ፦ ጋሼ፣ ለጓደኛዬ 300,000 ብር ብድር ዋስ ሆኜ ፈርሜለት ነበር። 120,000 ከመለሰ በኋላ ከአገር ወጣ። አበዳሪው እሱን ሳይከስ ወደ እኔ መጣ፤ ይችላል?

መልስ፣ የብድር ጉዳይ ጠበቃ፦ ይህን የሚወስነው ውልዎ ላይ ከስምዎ አጠገብ የሰፈረው ሐረግ ነው። «ከተበዳሪው ጋር በአንድነትና በነጠላ ኃላፊ ነኝ» የሚል ከሆነ፣ በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1933 መሠረት አበዳሪው ተበዳሪውን አስቀድሞ ሳይጠይቅ እርስዎን ሊከስ ይችላል። አብዛኞቹ የታተሙ የብድር ውሎች ይህ ሐረግ ያለባቸው ስለሆነ፣ የእርስዎም ከዚያው ወገን ሳይሆን አይቀርም። የሚጠየቁት ግን ከነወለዱ የቀረውን ዕዳ ነው፤ ያም ቢሆን ውሉ ላይ በዋስትናው ጣሪያነት ከተጻፈው ገንዘብ ሊያልፍ አይችልም።

ሌላ ተሳታፊ፦ እንዴት ይሆናል? ዋስ የሚጠየቀው የተበዳሪው ንብረት ተሸጦ ሲያልቅ ነው። ሕግ ሲነበብ በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

መልስ፦ የሰሙት ሕግ አለ፤ የሚያገለግለው ግን ያ ሐረግ የሌለበትን ተራ ዋስ ነው። ተራ ዋስ የሆነ ሰው አበዳሪው መጀመሪያ ወደ ተበዳሪው ንብረት እንዲሄድ መጠየቅ ይችላል። ይሁንና ክርክሩን ገና ሲከሰስ ማንሳት፣ የተበዳሪውም ንብረት የት እንዳለ ማመልከት ይኖርበታል። ተበዳሪው ከአገር ወጥቶ በስሙ ቤትም መኪናም ካልተገኘ፣ መብቱ በወረቀት ላይ ብቻ ይቀራል።

የሂሳብ ሠራተኛው፦ ውሉን አየሁት፤ «በአንድነትና በነጠላ» ይላል። ደመወዜ 18,000 ብር ነው፤ ሙሉውን ይወስዱብኛል?

መልስ፦ አይወስዱም። በአዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ከሠራተኛ ደመወዝ በአንድ ጊዜ የሚቆረጠው በጠቅላላው ከሲሶው ሊበልጥ ስለማይችል፣ ከእርስዎ የሚቆረጠው ቢበዛ በወር 6,000 ብር ነው። ዋናው ቀሪ ዕዳ 180,000 በመሆኑ ወለድ ሳይጨመር 30 ወር ይፈጃል ማለት ነው፤ ባንክ ያስቀመጡት ገንዘብ ወይም መኪና ካለዎት ግን ፍርድ ያገኘው ወገን በዚያ ላይ እገዳ ሊያስጥል ይችላል። አንድ ነገር አጥብቄ ልናገር፤ እንዲህ ያለ ክስ ብዙ ጊዜ በተፋጠነ ሥነ ሥርዓት ስለሚቀርብ፣ መጥሪያው በሰጠው ጊዜ ውስጥ የመከላከል ፈቃድ በቃለ መሐላ አስደግፈው ካልጠየቁ፣ ክርክርዎ ሳይሰማ ሊፈረድብዎ ይችላል። መጥሪያን ኪስ ውስጥ ከትቶ «ጓደኛዬ ይደውልልኛል» ማለት ያከሰራቸውን ሰዎች አውቃለሁ።

ከከፈሉ ደግሞ ደረሰኙንና አበዳሪው ዕዳው ስለመከፈሉ የሚሰጠውን ደብዳቤ ያስቀምጡ። የከፈለ ዋስ በአበዳሪው እግር ተተክቶ ተበዳሪውን መጠየቅ ይችላል፤ ሌላ ዋስ አብሮ ፈርሞ ከሆነም ድርሻውን እንዲመልስልዎ መጠየቅ አለ። ከመክፈልዎ በፊት ጓደኛዎን በጽሑፍ ያሳውቁት፤ አለዚያ እሱም በበኩሉ ከፍሎ ቢገኝ ገንዘብዎን ከእሱ ማስመለስ ያስቸግርዎታል።

ሌላ ጠያቂ፦ እኔም የእህቴ ልጅ ገንዘብ ያዥ ሆኖ ሲቀጠር ዋስ ሆኜለት ነበር። አሁን ጎደለ እየተባለ ነው፤ የእኔም ከዚሁ ጋር አንድ ነው?

መልስ፦ የእርስዎ የሥራ ዋስትና ነው፤ የብድር አይደለም። ቢሆንም አንድ ደንብ ለሁለታችሁም ይሠራል፤ የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1922 ዋስትናው እስከ ስንት ብር እንደሆነ በውሉ ካልተገለጸ ዋጋ አይኖረውም ይላል። ስለዚህ መጀመሪያ ቁጥሩን ይፈልጉ። «ለሚደርሰው ጉድለት ሁሉ» ተብሎ ብቻ ከተጻፈ ጠንካራ መከራከሪያ አለዎት።

ባለትዳር ጠያቂ፦ ባለቤቴ ሳያማክረኝ ለባልደረባው ዋስ ሆኖ አገኘሁት። የጋራ ቤታችን ይሸጣል?

መልስ፦ በአዲስ አበባና በድሬዳዋ በሚሠራው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992፣ ከ500 ብር በላይ ለሆነ የሌላ ሰው ዕዳ ዋስ ለመሆን የሁለቱም ተጋቢዎች ስምምነት ያስፈልጋል። ጣሪያው ዛሬ ያስቃል፤ ሕጉ ግን ይኸው ነው። ግዴታው እንዲሻርልዎ ለፍርድ ቤት ማመልከት የሚችሉት ካወቁበት ቀን ጀምሮ በ6 ወር ውስጥ ሲሆን፣ ዘግይተው ቢያውቁም ውሉ ከተፈረመ 2 ዓመት ካለፈ አይቻልም። ስለዚህ የሰሙበትን ቀን የሚያስረዳ ነገር ይያዙ። ክልሎች የየራሳቸው የቤተሰብ ሕግ ስላላቸው፣ የሚኖሩበትን ሳይነግሩኝ ከዚህ በላይ ማለት አልችልም።

የሂሳብ ሠራተኛው፦ ጋሼ፣ የመጨረሻ ጥያቄ። አበዳሪው እኔን ሳይጠይቅ የመክፈያ ጊዜውን አንድ ዓመት አራዝሞለት ነበር። ይህ ነፃ አያወጣኝም?

ሌላው ተሳታፊ፦ ያወጣዋል እንጂ! የፈረመው ለአሮጌው ውል ነው።

መልስ፦ እንዲህ በቀላሉ አይደመደምም። ብዙ ውሎች «ጊዜው ቢራዘምም ዋስትናው ይጸናል» የሚል አንቀጽ አስቀድመው ያስፈርማሉ፤ እሱ ካለ ክርክሩ ይከብዳል። ከሌለ ግን መራዘሙ ዕዳዎን ምን ያህል እንዳባባሰው ማስረዳት ያስፈልጋል። የማራዘሚያውን ስምምነት ቅጂ ከአበዳሪው በደብዳቤ ይጠይቁ፤ እሱን ሳላይ ለሁለታችሁም አልፈርድም።