ከንፈር ደንዝዞ ጥርስ ሲያም

«ለታችኛው መንጋጋ ጥርስ ማደንዘዣ ሰጥቼ ከንፈሩ ደነዘዘ፤ መቦርቦር ስጀምር ግን ታካሚው ጮኸ። ልድገመው?»

ከንፈሩ ከደነዘዘ መድኃኒቱ ዋናው ነርቭ ዘንድ ደርሷልና ያንኑ መርፌ መድገም ብዙም አይጠቅምም። ችግሩ በተቆጣው ጥርስ ውስጥ ነው፤ ብግነቱ የሚያመነጨው ፕሮስታግላንዲን ነርቩን በትንሽ ንክኪ የሚነሣ ያደርገዋል፣ ሊዶኬይንን ይበልጥ የሚቋቋሙ የሶዲየም መተላለፊያዎችም ይበዙበታል።

ስለዚህ የታካሚውን ጠቅላላ የመድኃኒት መጠን አስልተው፣ 4 ከመቶ አርቲኬይን ከኤፒነፍሪን ጋር በጉንጭ በኩል ከጥርሱ ሥር አጠገብ ይጨምሩ፤ ጥቂት ደቂቃዎች ከጠበቁ በኋላም ጥርሱን በቀዝቃዛ ስፕሬይ በነከሩት ጥጥ ይፈትሹት፤ የከንፈር መደንዘዝ ይህን ፈተና አይተካም። ቅዝቃዜው አሁንም ከተሰማው ጥርሱን ከአጥንት ጋር በሚያያይዘው ጅማት ውስጥ ይስጡ፤ እዚህ ላይ መድኃኒቱ ያለ ጠንካራ ግፊት ከገባ ወደ ውጭ እየፈሰሰ ነው ማለት ነው። ይህም ካልሠራ፣ መሣሪያው ካለ፣ አጥንት ውስጥ ይሰጣል። በቀጥታ ጥርሱ ውስጥ ወዳለው ነርቭ የሚሰጠው መርፌ ሲገባ በጣም ስለሚያም፣ በእኔ አስተያየት ሌላው ሁሉ ሲያልቅ የሚደረግ ነው።