25 በመቶ ጨምሬ 25 በመቶ ቀነሰብኝ፦ ጥያቄና መልስ ስለ ፍላጎት ኢላስቲሲቲ

ጥያቄ፦ ማኪያቶ ከ40 ብር ወደ 50 አስገባሁ። በቀን 200 ስኒ ይሸጥ የነበረው 150 ሆነ። 25 በመቶ ወጣ፣ 25 በመቶ ወረደ፤ ኢላስቲሲቲው፣ ማለትም የሽያጩ ለውጥ በመቶኛ ለዋጋው ለውጥ በመቶኛ ሲካፈል፣ 1 ከሆነ ገቢዬ ባለበት መቆየት ነበረበት፤ ለምን ቀነሰ?

መልስ፦ 8,000 ብር የነበረው 7,500 ሆኗል፤ ገንዘቡ አልዋሸም፣ ችግሩ ስሌቱ ላይ ነው። ያንኑ ለውጥ ወደኋላ ያስሉት። ከ50 ወደ 40 መውረድ 20 በመቶ ነው፣ ከ150 ወደ 200 መውጣት ግን 33.3 በመቶ። አሁን ደግሞ 1.67 መጣ! ፐርሰንት የሚካፈልበት መነሻ ሲቀየር መልሱም ይቀየራል። በሎጋሪዝም ይሞክሩት፦

```
ln(150/200) / ln(50/40) = -0.288 / 0.223 ≈ -1.29
```

ቢገለብጡት የላዩም የታቹም ምልክት አብሮ ስለሚለወጥ መልሱ ያው ነው። ምልክቱን ትተን ከ1 ስለሚበልጥም የገቢው መቀነስ ይገጥማል።

ጥያቄ፦ የሚሸጠውን መጠን Q፣ ዋጋውን P ብለን ኢላስቲሲቲን d ln Q / d ln P ብለን ስንጽፈው እንዴት ነው ፐርሰንት የሚሆነው?

መልስ፦ የ ln Q ዴሪቬቲቭ 1/Q ነው፤ ስለዚህ d ln Q ማለት dQ/Q ነው፣ ለውጡ ከነበረው መጠን ጋር ሲነጻጸር። ዋጋውም እንደዚያው dP/P ይሆናል። ይህ ግን ለጥቃቅን ለውጥ ነው። Q = k·P^(-1.5) ላይ ዋጋውን 1 በመቶ ብትጨምር ሽያጩ 1.48 በመቶ ይወርዳል፤ ከ1.5 ብዙም አይርቅም። 20 በመቶ ብትጨምር ግን 30 ብለህ ስትጠብቅ 23.9 ብቻ ይወርዳል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው።

ጥያቄ፦ ፍላጎቱ ቀጥታ መስመር ከሆነ፣ ለምሳሌ Q = 120 - 2P፣ ኢላስቲሲቲው በሁሉም ቦታ -2 ነው አይደል?

መልስ፦ የመስመሩ ቁልቁለት -2 መሆኑ ልክ ነው፤ ኢላስቲሲቲ ግን ቁልቁለቱ በ P/Q ተባዝቶ ነው። P = 20 ላይ Q = 80 ስለሆነ -0.5 ይመጣል፣ P = 40 ላይ ደግሞ -2። በየትም ቦታ እኩል የሚሆነው ln Q በ ln P ላይ ሲሳል ቀጥታ መስመር ከሆነ ነው።

ጥያቄ፦ በ ln ፈንታ log10 ብጠቀምስ?

መልስ፦ ላይም ታችም አንድ ዓይነት ከሆነ ለውጥ የለውም።

ከሌላ ተሳታፊ፦ ባለ ማኪያቶው፣ ዋጋውን የጨመሩት መቼ ነው?

ባለ ማኪያቶው፦ ዐቢይ ጾም የገባ ሰሞን።

መልስ፦ እንግዲያው -1.29 የዋጋው ብቻ አይደለም። ወተት የማይነካ ደንበኛ 40 ብርም ቢሆን አይገዛም ነበር፤ የፍላጎቱ መስመር ራሱ ወደ ግራ ሄዷል። ዋጋ ያልተነካበት የአምና ጾም መዝገብ ካለዎት፣ ያኔ በጾሙ መግቢያ ስንት ስኒ እንደቀነሰ ይዩና የሎጋሪዝም ለውጡን ከ -0.288 ላይ ያንሱ፤ ቀሪውን ለ0.223 ያካፍሉ።

ባለ ማኪያቶው፦ የአምናውን አልመዘገብኩም።

መልስ፦ ከእነዚህ ሁለት ቁጥሮች ብቻ መለየት አይቻልም። ዋጋውን ሳይነኩ ከፋሲካ በኋላ ያሉትን ሳምንታት ይመዝግቡ።